«ውሃ 0» የሚል ቻርት እንዴት ይነበባል?

«ጤና ይስጥልኝ። የተወለድኩት ታኅሣሥ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ነው። አንድ የኮከብ ቆጠራ አፕ ላይ ሳስገባ እሳት 4፣ መሬት 3፣ አየር 3፣ ውሃ 0 አለኝ። ሌላው ደግሞ ውሃ 1 ይላል። ጓደኛዬ አይታው ‹ውሃ የሌለው ሰው ስሜት የለውም፣ እሳትሽም በዝቷል› አለችኝ። የትኛውን ልመን? ጀማሪ፣ ጽኑ፣ ተለዋዋጭ የሚባለው ቆጠራስ ምን ይጨምርልኛል?»

እህቴ፣ የሰጠሽኝ ሰዓት ልክ ከሆነ ትክክሉ 0 የሚለው ነው። የጓደኛሽን ፍቺ ግን አልቀበለውም፤ እሳትሽ አልበዛም፣ ውሃ ማጣትም ስሜት ማጣት አይደለም። ወደ ፍቺው ከመሄዴ በፊት ሁለቱ አፖች ለምን እንደተለያዩ ላሳይሽ። በአንቺ ቻርት ላይ አንዲት ትንሽ የአገባብ ስሕተት ውሃን ከምንም ልታመጣ ትችላለች።

ታኅሣሥ 24 ቀን 1992 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 ቀን 2000 ነው። ብዙ ሰው ታኅሣሥ 29 ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው ብሎ ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጥርና ጃንዋሪ 2 ላይ ያርፋል። ይህ በአብዛኛው ዓመት ይሠራል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን አይሠራም። ከፊቱ ያለው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለሚያደርጋት አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይገባል፣ ገናም ታኅሣሥ 28 ይውላል። 1992 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። አሁን ሰማዩን ተመልከቺ፦ ጃንዋሪ 2 ጠዋት ጨረቃ ዓቅራብ ውስጥ ነበረች፣ ዓቅራብ ደግሞ የውሃ ኮከብ ነው። ጃንዋሪ 3 እኩለ ሌሊት ካለፈ ከጥቂት በኋላ ወደ ቀውስ ገባች፣ ቀውስም እሳት ነው። ቀኑን በአንድ ዝቅ አድርጎ ያስገባ ሰው ውሃ 1 ያገኛል። ስሕተቱ ወደ ላይ ቢሆንም ያው ነው፤ ማርስ በማግስቱ ጃንዋሪ 4 ማለዳ ከደለዊ ወጥቶ ሑት ገብቷል፣ ሑትም ውሃ ነው። ከውሃ የጸዳው በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው፣ አንቺም የተወለድሽው በዚያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የስሕተት በር ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለአፑ 9:00 AM ተብሎ መግባት አለበት። 3:00 ብለሽ ከጻፍሽ በአሴንዳንትሽ ላይ፣ ማለትም በተወለድሽበት ቅጽበት ከምሥራቅ አድማስ እየወጣ በነበረው ኮከብ ላይ፣ ስድስት ሰዓት ታዛቢያለሽ። በ9:00 አሴንዳንትሽ ደለዊ 16ኛ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በ3:00 ግን ዓቅራብ 20ኛ ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። አሴንዳንቱን አብሮ የሚቆጥር አፕ ከሆነ ውሃ 1 የሚልሽ ከዚህ የተነሳ ነው። ይህን ስሕተት የሚያስቸግረው በከፊል ልክ መምሰሉ ነው። ስድስት ሰዓት አሴንዳንቱን በሦስት ኮከብ ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ በሦስት ኮከብ የተራራቁት ደግሞ ባሕርያቸው፣ ማለትም እሳት፣ መሬት፣ አየር፣ ውሃ የሚባለው፣ ይለያያል እንጂ ጠባያቸው፣ ጀማሪ፣ ጽኑ፣ ተለዋዋጭ የሚባለው፣ አንድ ነው። ደለዊም ዓቅራብም ጽኑ ናቸው። ስለዚህ የጽኑ፣ የጀማሪና የተለዋዋጭ ቆጠራው ሳይናጋ ባሕርይ ብቻ ይለወጣል፣ ሰውም ስሕተቱን ሳያይ ያልፈዋል።

የትኛው እንደደረሰብሽ ለማወቅ ውሃ 1 ያለውን አፕ ክፈቺና ጨረቃን፣ ማርስንና አሴንዳንትን ብቻ እዪ። ጨረቃ ዓቅራብ ካለች ወይም ማርስ ሑት ካለ ቀኑ ተሳስቷል፤ ጨረቃ ቀውስ ሆና አሴንዳንቱ ዓቅራብ ከሆነ ሰዓቱ ተሳስቷል። ፀሐይሽ ጀዲ መሆኗ ቀርቶ ቀውስ ብሎ ካገኘሽው ደግሞ አፑ በሕንዶች ስሌት የሚሠራ ነው፤ እሱ ሁሉንም በ24 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ስለሚጎትት ራሱን የቻለ ሌላ ሥርዓት ነው፣ የሁለቱን ቁጥር ማወዳደርም አይቻልም። ዐውደ ነገሥት አስቆጥረሽ የውሃ ኮከብ ወጥቶልሽ ከሆነም ከዚህ ጋር አትደምሪው። የዚያ ኮከብ የሚወጣው የስምሽና የእናትሽ ስም ፊደላት ቁጥር ተደምሮ ለ12 ሲገደፍ ነው፤ ይህኛው የሚነሳው ከተወለድሽበት ሰማይ ነው። ሁለቱ የኮከብ ስም ይጋራሉ እንጂ ስሌት አይጋሩም።

አንድ ነገር እዚህ ልጨምር፣ በእጁ የሚቆጥር ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ስለሆነ። ደለዊ በሥዕል ውሃ የሚቀዳ ሰው ነው፣ ግን የአየር ኮከብ ነው። ጊንጥ ደረቅ ምድር ላይ የሚኖር ፍጥረት ነው፣ ዓቅራብ ግን የውሃ ኮከብ ነው። በሥዕሉ አትመሪ። ከሐመል ጀምረሽ እሳት፣ መሬት፣ አየር፣ ውሃ እያልሽ በተራ ቁጠሪ፣ አሥራ ሁለቱ ሦስት ጊዜ ዞረው ያልቃሉ። አንቺ ደለዊ ውስጥ ሦስት ፕላኔት ስላለሽ በሥዕል የሚቆጥር ሰው ውሃ 3 ሊልሽ ይችላል።

አሁን ቻርቱን በትክክለኛው ቀንና ሰዓት እናውጣው። ፀሐይ ጀዲ 12 ላይ፣ ሜርኩሪ ጀዲ 4 ላይ ናቸው። ጨረቃና ቬነስ ቀውስ መጀመሪያ ላይ፣ 4ኛው ዲግሪ አካባቢ፣ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ፕሉቶም እዚያው ቀውስ 11 ላይ አለ። ጁፒተር ሐመል 25፣ ሳተርን ሠውር 10 ናቸው። ማርስ ደለዊ 29 ላይ ሊወጣ ደርሷል፣ ዩራነስ ደለዊ 14፣ ኔፕቱን ደለዊ 3። አሴንዳንቱ እንዳልኩሽ ደለዊ 16 ነው።

አፑ እሳት 4 ያለሽ ጨረቃን፣ ቬነስን፣ ጁፒተርንና ፕሉቶን እኩል እኩል ቆጥሮ ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ፕሉቶ ቀውስ ውስጥ የቆየው ከ1995 እስከ 2008 ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የተወለደ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ ያንን እሳት ተሸክሞታል። ኔፕቱንና ዩራነስም በዚያ ወቅት ደለዊ ውስጥ ስለነበሩ እኩዮችሽ ሁሉ ሳይደክሙ አየር 2 ያገኛሉ። ይህ የትውልድሽ ሰማይ ነው፣ ስለ አንቺ በተለይ የሚናገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለሙያ ሲቆጥር ክብደት ይሰጣል። እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፦ ፀሐይ፣ ጨረቃና አሴንዳንት ሦስት ሦስት ነጥብ፤ ሜርኩሪ፣ ቬነስና ማርስ ሁለት ሁለት፤ ጁፒተርና ሳተርን አንድ አንድ፤ ሦስቱ ሩቆች ምንም። ድምሩ 17 ይሆናል። ቁጥሮቹ በስምምነት የተያዙ ናቸው፤ ለፀሐይና ለጨረቃ አራት የሚሰጥም አለ። ሥርዓቱ ግን አንድ ነው፦ ፈጣኑና የራስ የሆነው ይከብዳል፣ ዘገምተኛው ይቀላል።

በዚህ ሚዛን እሳትሽ ጨረቃ 3፣ ቬነስ 2፣ ጁፒተር 1 ሆኖ 6 ይመጣል። መሬት ፀሐይ 3፣ ሜርኩሪ 2፣ ሳተርን 1፣ እሱም 6። አየር አሴንዳንት 3፣ ማርስ 2፣ ባጠቃላይ 5። ውሃ 0። ከ17 አንድ ባሕርይ በአማካይ አራት ነጥብ ቢደርሰው ነው። እኔ በዛ የምለው ከ8 ሲያልፍ፣ አነሰ የምለው 1 ወይም 0 ሲሆን ነው። እንግዲህ የበዛ እሳት የለሽም፤ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው፣ አየሩም በአንድ ብቻ ነው የሚያንሰው። ጓደኛሽ ያየችው ብዛት የመጣው ከፕሉቶ ነው።

ሩቆቹን ምንም ብዬ ባለፍኩበት ሕግ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፣ እሱም አንቺ ላይ ወድቋል። ከሦስቱ አንዱ አሴንዳንቱን ወይም የሰማዩን አናት በአምስት ዲግሪ ውስጥ ከተጠጋ የትውልድ መሆኑ ቀርቶ የራስ ይሆናል። ዩራነስሽ ከአሴንዳንቱ በሁለት ዲግሪ እንኳ አይርቅም። ስለዚህ ለዩራነስ 2 ብንሰጠው አየርሽ 7 ይሆንና ከሁሉም ይበልጣል። ሰው ከውጭ ሲያይሽ «ይህች ልጅ እሳት ናት» የሚያሰኘው ነገር፣ ድንገተኛነቱ፣ ያልተጠበቀ መልስ መስጠቱ፣ በተለመደው መንገድ አለመሄዱ፣ በዚህ ጥበብ አነባበብ ከእሳት ይልቅ አድማስ ላይ የተቀመጠው ዩራነስ ነው።

ጠባዮቹ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ሐመል፣ ሸርጣን፣ ሚዛንና ጀዲ ጀማሪ ናቸው፤ በፀሐይ ዑደት ወቅት የሚገባባቸው። ሠውር፣ አሰድ፣ ዓቅራብና ደለዊ የወቅቱ መካከል ናቸው፣ ስለዚህ ጽኑ። ገውዝ፣ ሰንቡላ፣ ቀውስና ሑት ወቅት የሚያልቅባቸው፣ ተለዋዋጭ። በዚያው ክብደት ስትቆጥሪ ጀማሪ 6፣ ጽኑ 6፣ ተለዋዋጭ 5 ታገኛለሽ። ዩራነስን ከጨመርሽ ጽኑው 8 ይሆናል፣ ይህም የእኔ ድንበር ላይ ነው እንጂ አላለፈውም። በቁጥር ብቻ ብታዪው ሚዛኑን የጠበቀ ስለሆነ ብዙ የሚነግርሽ አይመስልም። ቁም ነገሩ ጠባዩ ከየትኛው ባሕርይ ጋር እንደተጣመረ ማየቱ ላይ ነው። እሳትሽ አብዛኛው የቀውስ ነው፣ ተለዋዋጭ እሳት፤ ቦግ ይላል፣ ይናገራል፣ ይስቃል፣ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። ጽኑ እሳት፣ ማለትም አሰድ፣ አንድም ነጥብ የለሽም፤ ቂም ይዞ የሚነድ እሳት ያንቺ አይደለም። ጽናትሽ ያለው በደለዊና በሠውር ነው፤ የማትለቂው ሐሳብና ስፍራ ነው። አንድ ጊዜ ካሰብሽበት ነገር የሚያወርድሽ የለም፣ የተቆጣሽበትን ነገር ግን በማግስቱ ትረሽዋለሽ። እንዲህ ካልሆንሽ በመጀመሪያ የምጠራጠረው የልደት ሰዓቱን ነው።

ወደ ውሃው ልመለስ። ውሃ በዚህ ጥበብ የሚወክለው ስሜትን ከሌላው ጋር የሚያገናኘውን ነው፤ ሳይነገር መረዳትን፣ መዋጥን፣ መያዝን። አራቱ ባሕርያት በአብነት ትምህርት ቤት ቃል ከውዑይና ከቈሪር፣ ከርጡብና ከይቡስ፣ ማለትም ከሙቅና ከቀዝቃዛ፣ ከእርጥብና ከደረቅ የተጣመሩ ናቸው። በከዋክብቱ አቆጣጠር እሳት ውዑይ ይቡስ፣ አየር ውዑይ ርጡብ፣ መሬት ቈሪር ይቡስ፣ ውሃ ቈሪር ርጡብ ነው። ይህ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው፤ ርጥበት ከአየሩ አለሽ፣ ቅዝቃዜም ከመሬቱ አለሽ። የጎደለሽ ሁለቱ አንድ ላይ መገኘታቸው ነው። ስለዚህ ከሰው ጋር በሐሳብ በቀላሉ ትቀላቀያለሽ፤ ችግር ሲመጣም ረጋ ብለሽ ትሸከሚያለሽ። የሚከብድሽ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ፣ ማለትም የሚያለቅስ ሰው አጠገብ ምንም ሳትመክሪ መቀመጥ ነው። የቀውስ ጨረቃ አፏን ትከፍታለች፣ የጀዲ ፀሐይ መፍትሔ ታቀርባለች፣ ደለዊ ነገሩን ከሩቅ ያየዋል። ስሜቱ አለ፤ የሚወጣበት በር ግን ቃል፣ ሥራ ወይም ሐሳብ ነው።

ባሕርይ 0 ሲሆን አንባቢ በተለምዶ ከሦስት መንገድ አንዱን ይጠብቃል። አንደኛው ስሜቱ ዘግይቶ ይታወቃል፤ ዛሬ የተነገረሽ ነገር ያሳዘነሽ መሆኑ የሚገባሽ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሁለተኛው የጎደለውን በሌላ ሰው መፈለግ ነው፤ የቅርብ ሰዎችሽ ጨረቃቸው ወይም ፀሐያቸው ሸርጣን፣ ዓቅራብ፣ ሑት የሆኑ ይበዛሉ። ሦስተኛው ማካካስ ነው፤ የሌለውን አብዝቶ ማድረግ፣ የሁሉን ሰው ሸክም መሸከም። ሦስተኛው ላይ ያለን ሰው የሚያይ «ይህ ሰው ሁለመናው ውሃ ነው» ይላል፣ ጓደኛሽም ተቃራኒውን ልትል የቻለችው አንዱን መንገድ ብቻ ስለምታውቅ ነው። ከሦስቱ የትኛው ያንቺ እንደሆነ ቻርቱ አይነግርም፤ የምትነግሪን አንቺ ነሽ።

ፍቺ ከመደምደምሽ በፊት ውሃ በሌላ በር መግባት አለመግባቱን ማየት ያስፈልጋል። ቻርቱ የሕይወትን ዘርፎች የሚያይባቸው ክፍሎች ቤቶች ይባላሉ፤ በዘመናዊው አነባበብ 4ኛ፣ 8ኛና 12ኛ ቤቶች ከውሃ ኮከቦች ጋር ይዛመዳሉ። የጥንቶቹ ቤትን ከኮከብ ጋር እንዲህ አያዛምዱም ነበር፣ ስለዚህ ይህን እንደ ረዳት ምልክት እንጂ እንደ ነጥብ አልቆጥረውም። አሴንዳንቱ ደለዊ ሆኖ እያንዳንዱን ኮከብ አንድ ቤት ስናደርግ ጀዲ 12ኛ ይሆናል፣ ፀሐይና ሜርኩሪ እዚያ ናቸው፤ ሠውር 4ኛ ይሆናል፣ ሳተርን እዚያ ነው። የሰማዩ አናትም ዓቅራብ 23 አካባቢ ይውላል። ይህ የሚለው ውሃው በጠባይሽ ሳይሆን በሕይወትሽ ክፍል ላይ ተቀምጧል ነው፤ ብቻሽን ስትሆኚ፣ በቤተሰብ ጉዳይ፣ ምናልባትም በሥራ። ከዚያም የልደት ማግስት ሰማይ አለ፤ አንድ ቀን እንደ አንድ ዓመት በሚቆጠርበት ስሌት ማርስሽ ሑት የገባው አንድ ዓመት ሳይሞላሽ ነው፣ ጨረቃም 7 ዓመት አካባቢ ሳለሽ። 0 የሚለው ቁጥር የመነሻ ፎቶ ነው።

የዚህ ቆጠራ ድንበር የት እንደሆነ ለማየት የአልበርት አንስታይንን ቻርት በዚያው ክብደት ቁጠሪው። የተወለደው ማርች 14 ቀን 1879 ከጠዋቱ 5:30 በኛ ሰዓት፣ ኡልም ጀርመን ውስጥ ነው። ጨረቃው ቀውስ፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስና ሳተርን ሐመል፤ እሳት 8። ፀሐዩ ሑት፣ አሴንዳንቱ ሸርጣን፤ ውሃ 6። ማርስ ጀዲ፤ መሬት 2። አየር ጁፒተር ደለዊ ላይ ብቻ፤ 1። አየር የሐሳብ ባሕርይ ነው ተብሎ ሲጠና የኖረውን ይዞ «ይህ ሰው የማሰብ ጉድለት አለበት» የሚል ፍቺ ከእውነቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቻርት አላውቅም። የባሕርይ ቁጥር ችሎታን አይለካም። ቢበዛ ሰውየው ወደ አንድ ነገር በየትኛው በር እንደሚገባ ይጠቁማል፤ እሱ ሐሳብን በእሳት በር፣ በድንገተኛ ምስል፣ ቀረበው ማለት ይቻላል። ያም ቢሆን የጥበቡ አነባበብ እንጂ የተለካ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ስለ ትዳርም ስለ ጤናም በ0 ተመርኩዘሽ ምንም አትወስኚ።

ነገሩን ራስሽ መፈተን ከፈለግሽ ጨረቃ በየወሩ ሦስቱን የውሃ ኮከቦች ታልፋለች፣ በእያንዳንዱ ከሁለት ቀን እስከ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ትቆያለች። ሦስት ወር ያህል ጨረቃ የት እንዳለች ሳታዪ ማታ ማታ ከቀኑ ጋር አንዲት መስመር ጻፊ፦ ዛሬ ምን ተሰማኝ፣ መቼ አወቅሁት። ሲያልቅ ብቻ ጨረቃ የት እንደነበረች ከጎኑ አስፍሪ። ቀድመሽ ካየሽው የምትጠብቂውን ነው የምትጽፊው፣ መዝገቡም ዋጋ አይኖረውም።

ከሁሉ በፊት ግን «3 ሰዓት» የተባለውን አጣሪ። በወላጆች አፍ 3 ሰዓት ብዙውን ጊዜ «3 ሰዓት አካባቢ» ማለት ነው፣ ያንቺ አሴንዳንት ደግሞ ከ3 ሰዓት ከ50 በኋላ ከደለዊ ወጥቶ ሑት ይገባል። የሆስፒታሉን የልደት ካርድ ወይም የክትባት ደብተርሽን ፈልጊ፤ ደቂቃ ከተጻፈበት እሱን ያዢ። ወደ 4 ሰዓት የሚጠጋ ሆኖ ከተገኘ ውሃ 3፣ አየር 2 ይሆናል፣ ዩራነስ ከአድማሱ ይርቅና ተጨማሪ ነጥቡን ያጣል፣ ፀሐይና ሜርኩሪም ከ12ኛ ቤት ወደ 11ኛ ይሸጋገራሉ። ያኔ ከላይ ስለ ውሃ ጉድለትና ስለ ዩራነስ የጻፍኩልሽን ተይውና ቻርቱን እንደ አዲስ እናንብበው።